13 ዶላር የወረደ ወርቅ አካውንት እንዴት ይበላል?

በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ብትቀመጡ፣ ስልካቸው ላይ ያፈጠጡ ወጣቶች አታጡም። ሐይቁን የሚያይ የለም። ሰዓቱም በአጋጣሚ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ወርሃዊ የሥራ ስምሪት ሪፖርቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ያን ቀን፣ ኒውዮርክ ላይ ገና ጠዋት ሲሆን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እነሱ በራሳቸው ክረምት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 10 ሰዓት ተኩል። በዚያች ደቂቃ የወርቅ ዋጋ ይዘላል ወይም ይወድቃል። አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ አንዳንዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ዝም ይላል።

ከዝምተኞቹ አንዱ የፖሊ ተማሪ ነው። 100 ዶላሩን ያጣበትን አርብ ታሪክ ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ። 100 ዶላር ለእኛ ቀላል ብር አይደለም። በፒቱፒ፣ ማለትም ከሌላ ሰው በቀጥታ፣ ዩኤስዲቲ የተባለውን ዲጂታል ዶላር ገዝቶ ነው ያስገባው፤ ቤተሰብ ከሚልክለት እየቆጠበ። የገረመኝ ግን መክሰሩ አልነበረም። የገመተው አቅጣጫ ትክክል ነበር። ወርቅ ይወጣል ብሎ ገዛ፣ ማታ ላይ ወርቁ እውነትም ወጣ። አካውንቱ ግን ከሰዓት በኋላ ላይ አልቋል።

«ጋሼ፣ ብሮከሩ ነው የበላኝ» አለኝ፤ ንግዱን በስልክ የሚያስተናግደውን ድርጅት ማለቱ ነው። ሊሆን ይችላል፤ ብሮከር ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል ሰው አይደለሁም። የእሱን ሒሳብ ደረጃ በደረጃ ስሠራው ግን ማንም ሳያጭበረብረው፣ በሕጉ ብቻ፣ ልክ በዚያች ዋጋ ላይ ማለቅ ነበረበት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አስተካክዬ ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ የሚያዘው ነገር። ወርቅ በስልክ ሲገዛ XAUUSD ይባላል፣ ዋጋውም የአንድ ኦንስ ዋጋ ነው። አንድ ሙሉ ሎት 100 ኦንስ ነው። በአብዛኞቹ ብሮከሮች ትንሹ መጠን 0.01 ሎት ነው፤ ይኸውም አንድ ኦንስ። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው። 0.01 ሎት የያዘ ሰው፣ ወርቅ በአንድ ዶላር ሲወርድ አንድ ዶላር ይከስራል። 0.05 የያዘ አምስት ዶላር ይከስራል።

ያን ቀን ወርቅ 3,300 ዶላር ነበር። ልጁ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ 0.05 ሎት ገዛ። አምስት ኦንስ ማለት ነው፤ ዋጋው 16,500 ዶላር። ኪሱ ውስጥ ያለው ግን 100 ዶላር ብቻ ነው። ይህን ያስቻለው ሌቨሬጁ ነው። የእሱ አካውንት 1:500 ነበር። ይህ ማለት ብሮከሩ ለ16,500 ዶላር ንግድ ማስያዣ አድርጎ የሚጠይቀው የአምስት መቶኛውን እጅ፣ 33 ዶላር ብቻ ነው። ይህ 33 ዶላር ማርጂን ይባላል። ክፍያ አይደለም፤ ንግዱ ሲዘጋ ይለቀቃል። እስከዚያ ግን ታስሮ ይቆያል።

ባጃጅ በማስያዣ ተከራይቶ የሚሠራን ሰው አስቡት። ባለንብረቱ ማስያዣውን የሚይዘው ተከራዩን ለማበልጸግ አይደለም። ባጃጁ ሲጎዳ ከዚያ ላይ ሊቆርጥ ነው። ጉዳቱ ማስያዣውን በልቶ ሊጨርስ ሲል ደግሞ ባጃጁን መልሶ ይወስዳል፤ «ነገ ተሠርቶ ይድናል» ብትሉት አይሰማችሁም። ብሮከሩም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ባጃጁን የሚወስደው ኮምፒውተር መሆኑና በሰከንድ ውስጥ መውሰዱ ነው።

ስልኩ ላይ ከንግዱ በላይ አምስት መስመሮች ይታያሉ፤ Balance፣ Equity፣ Margin፣ Free Margin እና Margin Level። ጀማሪ የሚያየው የመጀመሪያውንና ቀይ ሰማያዊ የሚሆነውን ትርፍ ኪሳራ ነው። ዕጣውን የሚወስነው ግን የመጨረሻው መስመር ነው። Equity ማለት አሁን ሁሉም ንግድ ቢዘጋ በእጅ የሚቀረው ብር ነው። Margin Level ደግሞ ያንን ለታሰረው ማርጂን አካፍሎ በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ልጁ ንግዱን እንደከፈተ፣ ስፕሬዱን፣ ኋላ የምናየውን ወጪ፣ ለጊዜው ብንተወው፣ 100 ለ33 ሲካፈል 303 በመቶ ገደማ ነበር። ደህና ይመስላል። በእሱ ብሮከር ይህ ቁጥር 100 በመቶ ሲደርስ ማርጂን ኮል ይመጣል። 50 በመቶ ሲደርስ ስቶፕ አውት ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ንግዱን ይዘጋዋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከብሮከር ብሮከር ይለያያሉ። ስቶፕ አውቱ 20 በመቶ የሆነም አለ፣ ዜሮ የሆነም አለ። ሰው አካውንት ሲከፍት ቦነሱን ያነባል እንጂ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አያነብም።

ማርጂን ኮል የሚለው ስም ያሳስታል። ድሮ ደላላው ስልክ ደውሎ «ብር ጨምር፣ ወይ ንግድህን ልዝጋው» ይል ነበር። ዛሬ የሚደውል የለም። በመነገጃው መተግበሪያ፣ በMetaTrader፣ ላይ መስመሩ ቀይ ይሆናል፤ በቃ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ያም አይታይም። ጊዜ ይሰጡኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ አይጠብቅ።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። 50 በመቶ የሚሆነው Equity 16 ዶላር ከ50 ሲቀረው ነው። ስለዚህ ልጁ 83 ዶላር ከ50 መክሰር ይችላል። በእያንዳንዱ የወርቅ ዶላር አምስት ዶላር ስለሚያጣ፣ ወርቅ 16 ዶላር ከ70 ሳንቲም እስኪወርድ መቆየት ይችላል። ከ3,300 ላይ 16 ዶላር ከ70 ማለት የአንድ በመቶ ግማሽ ነው፤ 0.5 በመቶ። ወርቅ ያንን ያህል በአንድ ቀን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። ዜና ያለ ቀን ከሆነ አንድ የማኪያቶ ብርጭቆ ሳያልቅ ሊያደርገው ይችላል። ቻርቱን አሳንሳችሁ የሳምንቱን ብታዩት ይህች መውረድ እንደ ጉድፍ እንኳ አትታይም። የልጁ ሙሉ ዕድሜ ግን እሷ ውስጥ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ግን ልጁ አልሞተም። ያን ቀን ወርቅ እስከ ታች የወረደው 3,286 ድረስ ነው። 14 ዶላር መሆኑ ነው። አምስት ኦንሱን ብቻ ይዞ ቢቆይ ኖሮ 70 ዶላር ወርዶ፣ 30 ዶላር ቀርቶት፣ Margin Level 91 በመቶ ደርሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይተርፍ ነበር። ማታ ወርቅ 3,312 ሲገባ ደግሞ 60 ዶላር አትርፎ ነበር። እንዲህ ያለው መትረፍ ራሱ ሌላ በሽታ ያመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ ያስገዛል። ለማንኛውም እሱ እዚያ አልደረሰም።

የገደለው ሁለተኛው ግዢ ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወርቅ 3,294 ገባ። ስድስት ዶላር ወረደ፤ ልጁ 30 ዶላር ወርዷል። Equity 70 ዶላር ነው። ቴሌግራም ላይ የሚከተለው ሲግናል ሰጪ «በርካሽ ጨምሩ» ብሎ ጻፈ። ስንት ሎት እንደሚጨመር አልጻፈም። ሲግናል ሰጪዎች አቅጣጫውን፣ መግቢያውንና መውጫውን ይጽፋሉ፤ አካውንት የሚያኖረውንም የሚገድለውንም ቁጥር፣ ሎቱን፣ ለተከታዩ ይተዉታል። ብዙዎቹ ደግሞ በላኩት ሊንክ የተመዘገበ ሰው በነገደው ሎት ልክ ከብሮከሩ ኮሚሽን ያገኛሉ። ብዙ ሎት፣ ብዙ ኮሚሽን። ተከታዩ ቢያተርፍም ቢከስርም።

ልጁ ሌላ 0.05 ጨመረ። አስቡት እንግዲህ ምን እንደተፈጠረ። የታሰረው ማርጂን ከ33 ወደ 66 ዶላር አካባቢ ወጣ። Equity 70 ነው። Margin Level በአንድ ንክኪ ወደ 106 በመቶ ወረደ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ የወርቅ ዶላር አሥር ዶላር ይወስዳል። ለማርጂን ኮል የቀረው ርቀት 40 ሳንቲም ነው። የወርቅ 40 ሳንቲም! ቻርቱ ላይ በዓይን አይለይም።

«አማካይ ዋጋዬን አወረድኩ» ይላሉ ይህን ሲያደርጉ። እውነት ነው፤ አማካዩ ከ3,300 ወደ 3,297 ወረደ። ለማትረፍ የሚያስፈልገው መመለስ በሦስት ዶላር አጠረ። ለመሞት የሚያስፈልገው መውረድም አብሮ አጠረ፤ እሱ ግን ስልኩ ላይ በቁጥር አይታይም። ማርጂን ለሌለው ሰው፣ ለምሳሌ በሙሉ ገንዘቡ የወርቅ ቀለበት ለሚገዛ ሰው፣ ሲረክስ መጨመር ቢበዛ ትዕግሥት ይጠይቃል። በማርጂን ለሚነግድ ግን ዋጋው እስኪመለስ የመጠበቅን አቅም መሸጥ ነው።

9 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ሲል ስፕሬዱ ሰፋ። ስፕሬድ በመግዣውና በመሸጫው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በተለመደው ሰዓት 30 ሳንቲም የነበረው፣ ሪፖርት ሲቃረብ አንድ ዶላርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ ባንኮች በዚያች ደቂቃ ዋጋ መስጠት ስለሚፈሩ ነው። ሲሰፋ አብዛኛውን ጊዜ መሸጫው ወደ ታች፣ መግዣው ወደ ላይ ይሸሻል። የልጁ ንግድ የሚሰላው በመሸጫው ነው። መሸጫው በ40 ሳንቲም ስለሸሸ ብቻ፣ ገበያው ገና ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስን፣ መስመሩ ቀይ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጸብ የሚያስነሳ ስለሆነ። MetaTrader ላይ ቻርቱ እንደ ወትሮው የሚሳለው በመሸጫው ዋጋ ነው። ወርቅ ይወርዳል ብሎ Sell የያዘ ሰው ግን የሚዘጋው በመግዣው ዋጋ ነው፤ እሱም ቻርቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ «ቻርቱ ያልነካው ዋጋ ላይ ዘጉብኝ» የሚለው ሮሮ ሁልጊዜ የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም። ከሴቲንጉ የመግዣውን መስመር ማሳየት ይቻላል። መጀመሪያ እሱን ማብራት፣ ከዚያ መክሰስ።

ሪፖርቱ ወጣ። ወርቅ ወረደ። 3,290 ከ30 ሳንቲም ሲደርስ የልጁ ኪሳራ በመጀመሪያው ንግድ 48 ዶላር ከ50፣ በሁለተኛው 18 ዶላር ከ50 ሆነ። ድምሩ 67 ዶላር። የቀረው 33። ለ66 ሲካፈል 50 በመቶ። ስቶፕ አውት። ሲስተሙ ሁለቱንም አልዘጋም፤ ልማዱ በጣም ከከሰረው መጀመር ነው። የመጀመሪያውን ዘጋው። 33 ዶላር ማርጂን ተለቀቀ፣ Margin Level ወደ 100 በመቶ ተመለሰ። ልጁ ለጥቂት ሰከንድ «ተረፍኩ» ብሎ ነበር።

የተረፈው ግን ሌላ ሦስት ዶላር ከ30 ሳንቲም ብቻ ነው። ወርቅ 3,287 ሲነካ Equity 16 ዶላር ከ50 ሆነ። ለ33 ሲካፈል እንደገና 50 በመቶ። ሁለተኛውም ተዘጋ። ከመጀመሪያው ዋጋ እስከዚህ ያለው 13 ዶላር ነው፤ ከ0.4 በመቶ ያነሰ። ከዚያ ወርቅ አንድ ዶላር ብቻ ወርዶ፣ 3,286 ላይ ዞሮ፣ ሽቅብ ሄደ። ሰው «ገበያው እኔን ነው የሚጠብቀው» የሚለው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ገበያው ግን የልጁን አካውንት መኖሩንም አያውቅም። እሱ በሞተበት ዋጋ አካባቢ ልክ እንደሱ በማርጂን የታነቁ ብዙ ሰዎች አሉ። የእነሱ ንግድ በግድ ሲዘጋ፣ መሸጥ ነው፤ መሸጡ ዋጋውን ትንሽ ይገፋዋል፣ ከዚያ ሻጭ ያልቃል።

16 ዶላር ከ50ን ወደ 100 ለመመለስ ከአምስት መቶ በመቶ በላይ ትርፍ ያስፈልጋል። ልጁ ማታውኑ ሞከረው። ስለዚያ አልጽፍም፤ ፍጻሜው ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ «1:500 ነው የገደለው፣ 1:100 ይሻላል» የሚል ነው። በግማሽ ልክ ነው። ልብ በሉ፤ በተመሳሳይ 0.05 ሎት ወርቅ በአንድ ዶላር ሲወርድ በ1:100ም በ1:500ም የሚጠፋው አምስት ዶላር ነው። ሌቨሬጁ ኪሳራውን አያበዛም። ኪሳራውን የሚያበዛው ሎቱ ነው። ሌቨሬጁ የሚወስነው ስንት ሎት ድረስ መያዝ እንደሚፈቀድ ነው። በ1:100 ቢሆን ኖሮ 0.05 ሎት 165 ዶላር ማርጂን ይጠይቅ ነበር፤ ልጁ ቁልፉን ሲጫን «በቂ ገንዘብ የለም» ይለው ነበር። ከ0.03 በላይ አይፈቅድለትም። በ1:500 ግን በ100 ዶላር እስከ 0.15 ሎት መክፈት ይቻላል። ያን ያህል ቢከፍት፣ በመግቢያው ስፕሬድ ብቻ ከ100 በመቶ በታች ወርዶ ይጀምራል፤ የሦስት ዶላር ከምናምን እንቅስቃሴ ይበቃዋል።

ስለዚህ አካውንቱ ላይ ከተጻፈው ሌቨሬጅ ይልቅ አሁን የተያዘውን ማስላት ይሻላል። የያዝከውን ዋጋ በ Equity ማካፈል ነው። ልጁ መጀመሪያ 16,500 ለ100 ሲካፈል 165 እጥፍ ነበር። ከጨመረ በኋላ ወደ 33,000 ዶላር የሚጠጋ ወርቅ በ70 ዶላር ይዞ 470 እጥፍ ሆነ። 100ን ለዚህ ቁጥር ብታካፍሉት ሁሉን የሚጨርሰውን የዋጋ ለውጥ በመቶኛ ይሰጣችኋል። 165 እጥፍ፣ 0.6 በመቶ። 470 እጥፍ፣ 0.2 በመቶ። ስቶፕ አውት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይመጣል።

አውሮፓውያን ይህን ጣሪያ በሕግ ዝቅ አድርገውታል። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ፣ ኤስማ፣ በፈረንጆቹ 2018 ለግለሰብ ነጋዴዎች ዋና ዋና ገንዘቦችን በ1:30፣ ወርቅን በ1:20፣ ክሪፕቶን በ1:2 ገደበ። ያኔ የአገሮቹ ተቆጣጣሪዎች ያጠኑት ከእንዲህ ዓይነት አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስሩ ነበር። ገደቡን በልጁ ላይ ብንሞክረው ውጤቱ ያስቃል። በ1:20 ትንሿን 0.01 ሎት ወርቅ ለመክፈት 165 ዶላር ማርጂን ያስፈልጋል። በ100 ዶላሩ አንዲት ንግድ እንኳ መክፈት አይችልም ነበር። እነሱ አገር ሕጉ «ይህ ብር ለዚህ ዕቃ አይበቃም» ይለዋል። እዚህ ስልኩ ውስጥ ያለው ብሮከር ግን ፈቃዱን ያወጣው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ትንሽ ደሴት ነው፤ ሌቨሬጁን 1:2000 አድርጎ እንደ ስጦታ ያቀርብለታል።

በዚያው ሕግ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር አለ፤ አካውንት ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚከለክል። ስቶፕ አውት ዋስትና የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ሲስተሙ 50 በመቶ ላይ ለመዝጋት ያዛል እንጂ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ አይችልም። ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ January 15, 2015፣ የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ሲከላከል የቆየበትን ወለል ሳይታሰብ አነሳው። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ፍራንክ በታች ገባ። መካከል ላይ ያሉት ዋጋዎች ላይ ገዢ አልነበረም። ኪሳራው የተወሰነ ዋጋ ላይ ሲደርስ ንግዱን የሚዘጋ ትዕዛዝ፣ ስቶፕ ሎስ፣ ያስቀመጡም፣ ስቶፕ አውት ያመኑም፣ ከታች በተገኘው ዋጋ ተዘጉ። ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ትልቅ ብሮከር ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ውስጥ መግባታቸውን አሳወቀ። እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይመጣም። ትንሹ ወንድሙ ግን በየሳምንቱ አለ። ገበያው በእኛ አርብ ለቅዳሜ ለሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ተዘግቶ፣ እሑድ ለሰኞ ለሊት ሲከፈት ዋጋው ዘሎ ሊጀምር ይችላል። አርብን ከነንግዱ የሚያድር ሰው በዚያ ክፍተት ውስጥ ምንም ማድረግ አይችልም።

ስቶፕ ሎስን በተመለከተ ባሕር ዳር ላይ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ልጁ «በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ፣ ሲደርስ እዘጋለሁ» ባይ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ጭንቅላት አይሠራም። መብራትና ዳታ አብረው የጠፉበት ከሰዓት ያላለፈበት ሰው እዚህ ከተማ የለም። ንግዱ ሲከፈት አብሮ የተጻፈ ስቶፕ ሎስ ግን የሚቀመጠው ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ፣ ጣና ውስጥ ቢገባ ሥራውን ይሠራል። ስቶፕ አውትም እንደዚያው ይሠራል፤ ልዩነቱ አንዱ ነጋዴው በመረጠው ዋጋ፣ ሌላው ብሩ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

እሺ፣ ሎቱስ እንዴት ይመረጥ? ሒሳቡ ከኋላ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ በአንድ ንግድ የሚጠፋው ብር ይወሰናል፤ ብዙዎች 2 በመቶ ይላሉ። ቀጥሎ ስቶፕ ሎሱ ቻርቱ ላይ የት መሆን እንዳለበት ይታያል። ሎቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ብሩን ለርቀቱ አካፍሎ ነው። ልጁ ይህን ከእኔ ጋር ሠራው። 2 በመቶ ከ100 ዶላር ሁለት ዶላር ነው። ወርቅ ላይ ከተለመደው መዋዠቅ የሚተርፍ ስቶፕ ሎስ 15 ዶላር ይራቅ አልን። ሁለት ለ15 ሲካፈል 0.13 ኦንስ ይመጣል። ትንሿ ሎት አንድ ኦንስ ናት። አልገጠመም። አንዷን ኦንስ በዚያ ርቀት፣ በ2 በመቶ ለመያዝ 750 ዶላር ያስፈልጋል።

«ሁለት ዶላር ርቀት ላይ ባደርገውስ?» አለ። ወርቅ ሁለት ዶላር ሳይንቀሳቀስ የሚያልፍበት ሩብ ሰዓት ስንት እንደሆነ ቻርቱ ላይ አብረን አየን። መልስ አላስፈለገውም።

ከዚያ EURUSD፣ የዩሮን ዋጋ በዶላር፣ ከፈትን። እዚያ 0.01 ሎት አንድ ሺህ ዩሮ ነው፤ አንድ ፒፕ፣ ማለትም የ0.0001 የዋጋ ለውጥ፣ አሥር ሳንቲም። የ20 ፒፕ ስቶፕ ሎስ ሁለት ዶላር ያስከፍላል። 100 ዶላሩ ልክ ይገጥማል። ዩሮ ያኔ 1.17 ዶላር ገደማ ስለነበር የተያዘው 1,170 ዶላር፣ ለ100 ሲካፈል ወደ 12 እጥፍ ነው። የአካውንቱ 1:500 እዚያው ተጽፎ አለ፤ ግን ምንም የሚሠራው ሥራ የለም። በሴንት የሚቆጠር አካውንት ያላቸው ብሮከሮችም አሉ፤ እዚያ ሎቱ መቶ እጥፍ ስለሚያንስ ወርቁም ይገጥማል።

ልጁ ቁጥሩን ደጋግሞ አየና ሳቀ። «ቢሳካልኝ እኮ ሁለት፣ ሦስት ዶላር ነው። የማኪያቶ ብር!»

አዎ፣ በ100 ዶላር ሒሳቡ የሚያወጣው ይህን ያህል ነው። ያን አርብ 60 ዶላር ሊያገኝ የነበረው ልጅና 83 ዶላር ከ50 ያጣው ልጅ የያዙት ቻርት አንድ ነው፣ የገመቱት አቅጣጫም አንድ ነው። በመካከላቸው ያለው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተጨመረው 0.05 ሎት ነው። 0.01 ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ በታችኛው ዋጋ 14 ዶላር ወርዶ፣ ማታ በ12 ዶላር ትርፍ ይዘጋ ነበር፤ ቀይ መስመርም አያይም ነበር።